የመለስነው ዕቃ ከዕዳችን አልተቀነሰም፤ አከፋፋዩን ምን ብዬ ልጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁ። ሐዋሳ ላይ የወንድሜን የቧንቧና የሳኒተሪ ዕቃ ሱቅ ሒሳብ የምይዘው እኔ ነኝ። ዕቃ የምናመጣው አዲስ አበባ ካለ አንድ አከፋፋይ ነው። አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። በዱቤ ይሰጠናል፣ ሸጠን እንከፍላለን። እስከ ዛሬ በሒሳብ ተጋጭተን አናውቅም።

ጥቅምት 12 ቀን 60 የእጅ መታጠቢያ ሚክሰር ወሰድን። የአንዱ ዋጋ ከቫት በፊት 2,000 ብር ነው። ከጠቅላላው 5 በመቶ ቀነሱልን፣ 15 በመቶ ቫት ተጨመረበትና ደረሰኙ 131,100 ብር ሆነ። ሳምንት ሳይሞላ ደንበኞች ይዘውት መምጣት ጀመሩ። መክፈቻው ሥር ያንጠባጥባል። ለነሱ ለወጥንላቸው። ሱቅ ውስጥ የቀሩትንም አንድ በአንድ እየገጠምን ሞከርን። በድምሩ 18 የማይሆኑ አገኘን።

ህዳር 6 ቀን የአከፋፋዩ አይሱዙ ለሌላ ሱቅ ዕቃ ይዞ ሐዋሳ መጥቶ ነበር። ደውለን አስፈቀድንና 18ቱን ጫንለት። ሾፌሩ በነጭ ወረቀት ላይ ብዛቱንና ቀኑን ጽፎ ፈረመልን። ህዳር 20 ቀን ደግሞ 60,000 ብር በባንክ አስገባን።

በእኔ ደብተር አሁን የሚቀርብን 29,700 ብር ነው። ታህሳስ ማብቂያ ላይ ዕቃ ልናዝ ስንደውል ግን 83,520 ብር እንዳለብን ተነገረን። እሱ ሳይከፈል ምንም አይጫንም ተባልን። ሚክሰሮቹን ስናነሳ የሽያጭ ክፍሉ ወደ ሒሳብ ክፍል ይመራናል፣ ሒሳብ ክፍሉ ወደ መጋዘን። ወንድሜ ተናዷል። እኔ ደግሞ ያለ ወረቀት በስልክ መከራከር ሰልችቶኛል። መጀመሪያ ምን ልጠይቅ? የሒሳብ መግለጫ ነው ወይስ የተመለሰውን ዕቃ ዋጋ ከዕዳችን የሚቀንሰውን ክሬዲት ኖት? እንዴትስ ልጻፈው?

ጥያቄው ከተለጠፈ በኋላ ብዙ ሰው መልስ ሰጥቷል። ተመሳሳይ ነገር የገጠማቸው ሰዎች ሁሉንም ማንበብ ስለሚከብዳቸው የመጡትን መልሶች በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር አስቀምጫቸዋለሁ።

ቁጥር 1። የመጀመሪያው መልስ የአንድ ጡረታ የወጡ አባት ነበር። ረጅም ዘመን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ጠባቂ ሆነው ሠርተዋል። ልጄ እያሉ በትሕትና ነው የጻፉልኝ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዕቃውን መጋዘን ውስጥ የተረከበው ሰው ፈርሞልሻል ወይ የሚል። በእሳቸው ዘመን ሞዴል 19 የሚባለው የዕቃ መረከቢያ ሳይቆረጥ ዕቃ ገባ አይባልም ነበር። ዕቃው ግቢው ውስጥ ቢታይ እንኳ በመዝገብ የለም። የሾፌር ፊርማ ዕቃው ከእኛ ሱቅ መውጣቱን እንጂ እዚያ መግባቱን አያሳይም አሉ። የሒሳብ ክፍሉ ሰዎች ምናልባት እየዋሹ ሳይሆን በእርግጥም ምንም ወረቀት ሳይደርሳቸው ቀርቶ ይሆናል የሚል ግምት ነበራቸው። ያን ቀን ይህን መስማት አልፈለግኩም ነበር።

ቁጥር 2። አንድ ወንድም ጥያቄዬን በሌላ መንገድ ተረዳው። ስቴትመንት ሲባል የባንክ መስሎት፣ ሒሳቡ ወዳለበት ቅርንጫፍ ሄጄ የሦስት ወር ማኅተም ያለበት ወረቀት እንዳወጣ፣ የአገልግሎት ክፍያ እንዳለውም ነገረኝ። የፈለግኩት አከፋፋዩ በእኛ ስም የያዘው መዝገብ ነው ብዬ መለስኩለት። በኋላ ግን ምክሩ ሳያስበው ጠቅሞኛል። የ60,000 ብሩን ማስተላለፊያ ከባንክ አውጥቼ ከደብዳቤው ጋር አያይዤዋለሁ።

ቁጥር 3። ይሄኛው ንዴተኛ ነው። አንድ ብር እንዳንከፍል፣ እስኪለምኑን ዝም እንድንል፣ ሌላ አከፋፋይ እንድንፈልግ መከረ። ነጋዴ ብሩ ሲያዝበት ብቻ ነው ወረቀት የሚፈልገው ባይ ነው።

ቁጥር 4። ከቁጥር 3 ጋር ሙሉ በሙሉ እንደሚስማማ በአንድ መስመር ጻፈ።

ቁጥር 5። ውይይቱን የቀየረው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊዋ መርካቶ ውስጥ በአንድ ጅምላ ሻጭ ቤት 11 ዓመት ሒሳብ የሠራች ሴት ናት። ከምክሩ በፊት ቁጥሬን መረመረች። በእኛና በእነሱ መካከል ያለው ልዩነት 53,820 ብር ነው። 18 ሚክሰር በሙሉ ዋጋው ከነቫቱ ቢሰላ 41,400 ብር ነው። እንግዲህ ተመላሹ በሙሉ ቢቀነስልን እንኳ 12,420 ብር ያለ ምክንያት ይቀራል። ስለዚህ ክርክሩ የሚክሰር ብቻ አይደለም፣ ሌላ ያላየሽው ነገር አለ አለችኝ።

መጀመሪያ የሒሳብ መግለጫውን እንድጠይቅ የመከረችኝም በዚህ ምክንያት ነው። ክሬዲት ኖቱን ብቻ ብጠይቅና ቢሰጡኝ፣ ሒሳቡ አሁንም አይገጥምም። ያኔ እንደገና ስልክ፣ እንደገና ንዴት ይሆናል። መግለጫው ደግሞ ድምሩ ብቻ የተጻፈበት ወረቀት እንዳይሆን አስጠነቀቀችኝ። ሁለታችንም ከምንስማማበት ቀን ተነስቶ እያንዳንዱን ደረሰኝ፣ እያንዳንዱን ክፍያ፣ ከየመስመሩ ጎን ቀሪውን የሚያሳይ መሆን አለበት። እኛ የምንስማማበት ቀን መስከረም መጨረሻ ነው፤ ያን ጊዜ የቀድሞውን ዕዳ ጨርሰን ዜሮ ላይ ነበርን። የነሱ ሒሳብ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር የሚሠራ ከሆነም Customer Ledgers የሚለውን ሪፖርት በእኛ ስም አውጥተው ማኅተም አድርገው እንዲልኩ በስሙ ጥሪው አለች። አንዳንድ ቤት መግለጫ ስትዪው የሚልክልሽ ያልተከፈሉ ደረሰኞችን ብቻ የሚዘረዝረውን ሪፖርት ነው። በዚያ ላይ የተከፈለውና የተቀነሰው አይታይም።

ሁለቱን ጥያቄዎች ግን በአንድ ደብዳቤ መላክ ይቻላል ብላለች፣ ተለይተው እስከተጻፉ ድረስ።

ቁጥር 6። እኔ ነኝ። አመሰገንኳትና ደብተሬን እንደገና አየሁት። 12,420 ብር የሚባል ነገር የትም አልነበረም። ወንድሜንም ጠየቅኩት፣ እንደማያውቅ ነገረኝ።

ቁጥር 7። ከአዳማ የጻፈ የኤሌክትሪክ ዕቃ ነጋዴ ይህን ሁሉ ማካበድ አያስፈልግም አለ። እሱ ዕቃ ሲመልስ የድሮውን ደረሰኝ ይመልሳል፣ ሻጩ ይሰርዘዋል፣ በቀሪው ብዛት አዲስ ይቆርጥለታል። ሁሌም እንዲህ ነው የሚሠራው። ብዙዎች ወደዱለት። እኔም ልቤ ወደሱ ሄዶ ነበር፣ ቀላል ስለሆነ።

ቁጥር 8። ቁጥር 5 ተመልሳ መጣች። በዚህ ጊዜ ድምጿ ኮስተር ብሏል። ያ የሚያስኬደው ደረሰኙ በተቆረጠበት ቀን፣ ቢበዛ ወሩ ሳይዘጋ፣ ሁሉም ቅጂ ተመልሶ ጥራዙ ላይ ሲያያዝ ነው አለች። የእኛ ሽያጭ የጥቅምት ነው። እነሱ የጥቅምት ቫታቸውን ሲያሳውቁ 131,100 ብሩን አስገብተውታል። እኛም ያንኑ ደረሰኝ በግዢ ቫታችን ይዘነዋል። አሁን ቢሰረዝ የሁለታችንም የቫት ማስታወቂያ ከደረሰኙ ጋር ይጣላል፤ ኦዲተር ሲመጣ የሚጠየቀው ደግሞ ደረሰኙን የያዘው ሰው ነው። ክሬዲት ኖት የተፈጠረው ለዚህ ነው ብላ ነገሩን ቁልጭ አድርጋ አስቀመጠችው። የድሮው ደረሰኝ ሳይነካ ይቀመጣል። አዲሱ ወረቀት የድሮውን ቁጥር ጠቅሶ ዋጋውንና ቫቱን ለየብቻ ይቀንሳል። ሁለቱም ወገን ማስተካከያውን ክሬዲት ኖቱ በወጣበት ወር ያስገባል። በካሽ ሬጅስተር የተሸጠ ከሆነም ተመላሹ በማሽኑ በኩል እንዲመዘገብ FS No. የሚለውን ቁጥር ከደረሰኙ ላይ ቀድቼ በደብዳቤው ላይ እንዳሰፍር ነገረችኝ።

ቁጥር 9። የአዳማው ነጋዴ ትንሽ ተቀየመ። እሱ እስካሁን ችግር እንዳልገጠመው ደግሞ ጻፈ። ችግሩ ኦዲት እስኪመጣ አይታይም የሚል መልስ ከሌላ ሰው ተሰጠው።

ቁጥር 10። አንዲት ልጅ ክሬዲት ኖት ማለት የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ነው ወይ ብላ ጠየቀች። ስሙ ያደናግራል፣ እውነቷን ነው። የኛ ሱቅ ልጅም መጀመሪያ እንደዚያ መስሎት ነበር። የዱቤ ሽያጩ ደረሰኝ ዕዳ ይጨምራል፣ ክሬዲት ኖቱ ይቀንሳል ብዬ መለስኩላት።

ቁጥር 11 እስከ 13። እዚህ ላይ ወሬው ወደ ሚክሰር ዞረ። አንድ የቧንቧ ባለሙያ ማንጠባጠቡ ከውስጥ ካለው ካርትሪጅ ሊሆን እንደሚችል፣ አንዳንዴ እሱን ብቻ መለወጥ እንደሚበቃ ጻፈ። ሌላው ናስ ነው ተብሎ ቀላል ብረት እንደሚሸጥ ተናገረ። እውነተኛውን ናስ ሲያነሱት ከበድ እንደሚል፣ ጥርሱ ላይ ትንሽ ፋቅ ሲደረግም ቢጫ ሆኖ እንደሚታይ አስረዳ። ሦስተኛው ከውጭ ስለመጣ ዕቃ ዋጋ ማማረር ጀመረ። የባለሙያው ሐሳብ ለጉዳዬም ቁም ነገር ነበረው። አከፋፋዩ ካርትሪጅ እንላክላችሁ ካለና እኛ ከተስማማን፣ ነገሩ ጥገና ሆነ ማለት ነው፤ ክሬዲት ኖት አይኖርም። ለውጥ ከሰጡንም እንዲሁ። እኛ ግን ለውጥ አልጠየቅንም። ይህን በደብዳቤው በግልጽ ማስፈር እንዳለብኝ ያወቅኩት በዚህ ወሬ መሐል ነው።

ቁጥር 14። ስለታም መልስ። ራሱ የአከፋፋይ ቤት ሠራተኛ እንደሆነ የገለጸ ሰው፣ እዚህ ሁሉም ሻጩን ሌባ እያደረገ ነው ብሎ ተቆጣ። ገዢዎች ዕቃ ገጥመው፣ ተጠቅመው፣ ካርቶኑን ጥለው፣ ከሁለት ወር በኋላ በሾፌር ይልካሉ አለ። ምን ደረሰኝ እንደሆነ አይጻፍበትም። መጋዘን ጥግ ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ዕቃ ይከመራል። ሾፌሩ ሥራ ይለቃል። ከዚያ ገዢው በራሱ ሥልጣን ከክፍያው ይቀንስና ሒሳቤ ልክ ነው ይላል። ቁጥር 3 የሰጠውን ምክር ስሙን ጠርቶ ነቀፈው። ያለ ክሬዲት ኖት የተቀነሰ ገንዘብ በእነሱ መዝገብ ላይ ያልተከፈለ ዕዳ ሆኖ ይቀመጣል፤ ቀኑ ሲረዝም ደንበኛው ተበዳይ መሆኑ ቀርቶ የማይከፍል ሰው ተብሎ ይመዘገባል፣ ዱቤውም ይዘጋበታል።

ቁጥር 3 በኃይለ ቃል መለሰለት። አልደግመውም።

እኔን ግን ቁጥር 14 የነካኝ ቦታ አለ። ሾፌሩ በፈረመልን ወረቀት ላይ የደረሰኝ ቁጥር አልተጻፈም። ካርቶኖቹ ላይም የሱቃችንን ስም አልለጠፍንም። ስለዚህ ቁጣውን ትቼ፣ መጋዘን ውስጥ የኛን 18 ፍሬ እንዴት ለይተው ሊያገኙ እንደሚችሉ ጠየቅኩት። በሚገርም ሁኔታ ተረጋጋ። ያ አይሱዙ በዚያ ቀን ወደ ሐዋሳ የወጣበት የጭነት ወረቀት ይኖራል፣ መውጫና መግቢያ በር ላይም ዘበኛው መዝገብ ይይዛል አለ። ቀኑንና የሰሌዳ ቁጥሩን ብጠቅስ መጋዘኑ ዘወር ሊልበት የሚችል ቦታ የለውም። ክሬዲት ኖቱን የሚቆርጠው ሒሳብ ክፍል ቢሆንም የሚጀመረው ግን ከመጋዘን ነው፤ መጋዘኑ የተመላሽ ዕቃ መረከቢያ ካልቆረጠ ሒሳብ ሠራተኛው በራሱ መቀነስ አይፈቀድለትም። ስለዚህ የደብዳቤውን ግልባጭ ለመጋዘኑም እንዳደርግ መከረኝ።

ቁጥር 15። የጻፍኩትን ደብዳቤ ለጠፍኩት። የላኩት ይህን ነው፤

ለሒሳብ ክፍል
ጉዳዩ፦ የሒሳብ መግለጫ እና የተመላሽ ዕቃ ክሬዲት ኖት እንዲሰጠን ስለመጠየቅ

1. ከመስከረም 30 ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ በድርጅታችን ስም የተመዘገቡ ሽያጮች፣ ክፍያዎችና ተቀናሾች ከነቀናቸውና ከነደረሰኝ ቁጥራቸው በዝርዝር የሚታዩበት የሒሳብ መግለጫ፣ ማኅተም ተደርጎበት እንዲሰጠን እንጠይቃለን።

2. ጥቅምት 12 ቀን በዱቤ ከገዛናቸው 60 ሚክሰሮች ውስጥ 18ቱ በብልሽት ምክንያት፣ በስልክ ፈቃድ አግኝተን፣ ህዳር 6 ቀን በድርጅታችሁ መኪና ተመልሰዋል። የደረሰኙና የሰሌዳው ቁጥር ከዚህ በታች ሰፍሯል። የሾፌሩ ፊርማ ያለበት ወረቀት ተያይዟል። ለውጥ ወይም ጥገና አልተቀበልንም። ስለዚህ ክሬዲት ኖት እንዲቆረጥልን እንጠይቃለን።

3. ህዳር 20 ቀን ያስገባነው 60,000 ብር የባንክ ማስረጃ ተያይዟል።

የማንከራከርበትን ዕዳ ለመክፈል ዝግጁ ነን። መግለጫው እስኪደርሰን የሁለታችንም መዝገብ ስላልታረቀ የትኛውንም ድምር አላጸደቅንም።

ግልባጭ፦ ለመጋዘን

መጀመሪያ በጻፍኩት ላይ 41,400 ብር ይቀነስልን የሚል ነበር። ከመላኬ በፊት የሚከተለው መልስ ደርሶልኝ አወጣሁት።

ቁጥር 16። ቁጥር 5 ናት። አንድ ነገር ከመጀመሪያ ጀምሮ እንዳመለጠኝ ነገረችኝ። ስንገዛ 5 በመቶ ተቀንሶልናል። ታዲያ ስንመልስ በሙሉ ዋጋ እንዴት ይታሰባል? 18 ጊዜ 2,000 ሲሆን 36,000 ብር፣ ከሱ ላይ 5 በመቶ ሲወጣ 34,200፣ ቫቱ 5,130፣ ድምሩ 39,330 ብር። የኔ 41,400 ከዚህ በ2,070 ብር ይበልጣል። ያልከፈልነውን ገንዘብ እንዲመልሱልን እየጠየቅኩ ነበር። በዚያ ቁጥር ደብዳቤው ቢሄድ ኖሮ ሒሳብ ክፍሉ የመጀመሪያውን ስህተት የእኔ ያደርገውና ነገሩ ሁሉ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። ምክሯ፣ ብዛቱንና የደረሰኙን ቁጥር ጽፌ ገንዘቡን በደረሰኙ ዋጋ እነሱ እንዲያሰሉት መተው፣ ሲመጣ ግን ከራሴ ስሌት ጋር ማመሳከር ነው።

ቁጥር 17። መግለጫው ጥር 2 ቀን በቴሌግራም ደረሰን። ማኅተም አለው። ሦስት መስመር ብቻ ነው። የጥቅምት 12 ደረሰኝ አለ። 60,000 ብሩ አለ። ሚክሰሩ የለም፣ እንደተጠበቀው። የቀረው መስመር ግን የህዳር 14 ደረሰኝ ነው፣ 12,420 ብር። ቅጂውን ላኩልን። 36 ፍሌክሲብል ሆስ፣ የአንዱ ከቫት በፊት 300 ብር፣ ቫቱ ተጨምሮበት። ፊርማው የወንድሜ ነው።

ለካ ለለቅሶ አዲስ አበባ ሄዶ በነበረ ጊዜ በዚያ ሲያልፍ ወስዶ በሚኒባስ ጭኖት መጥቷል። ደረሰኙ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። ዕቃው ተሸጧል፣ ደረሰኙን ግን እኔ አላየሁትም። ከልቡ ነው አላውቅም ያለኝ፣ በሐዘን ላይ ስለነበር ጨርሶ ረስቶት ነው።

አሁን ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። እነሱ ያሉት 83,520 ነው። ከዚያ ላይ 39,330 ሲቀነስ 44,190 ብር። የኔ 29,700 ላይ የሆሱ 12,420 እና በስህተት አብዝቼ የቀነስኩት 2,070 ሲጨመር እሱም 44,190 ብር። ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ሳያቸው እፎይ አልኩ። ሁለታችንም ተሳስተን ነበር።

ቁጥር 18 እና 19። አንዱ ወንድሜን ወቀሰ። በቤተሰብ ንግድ ትልቁ ጠንቅ ባለቤቱ እጁን ወደ ዕቃውና ወደ ገንዘቡ እየሰደደ ለሒሳብ ያዥ አለመንገሩ ነው አለ። ሌላዋ ደግሞ በለቅሶ ላይ የነበረን ሰው እንዲህ መውቀስ ነውር ነው ብላ ገሠጸችው። የቁጥር 1 አባት በመሐል ገብተው ወንድምሽን አጽናኚልን ብለው ጻፉ። ከልብ አመሰግናለሁ።

ቁጥር 20። ቁጥር 14 እንደገና። ክሬዲት ኖቱ ሲመጣ በነሱ ሶፍትዌር ላይ ከየትኛው ደረሰኝ ጋር እንደተያያዘ እንዳይ አሳሰበኝ። በፒችትሪ Credit Memos የሚለው ላይ ሲገባ ከጥቅምት 12ቱ ደረሰኝ ጋር ካልተያያዘ፣ ጠቅላላ ቀሪው ይስተካከላል፣ የጥቅምቱ ደረሰኝ ግን ያልተከፈለ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ ወር ቆይቶ ሌላ ሠራተኛ ያንን ዝርዝር አይቶ ይደውላል። ብዙ ጊዜ አልቋል የተባለ ጉዳይ እንደገና የሚነሳው በዚህ ነው ብሏል። የመጀመሪያ መልሱ ላይ ስለነበረው ቁጣም ይቅርታ ጠየቀ።

ቁጥር 21 እስከ 23። አንድ የኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ገዢ የራሱን ጉዳይ አነሳ። እነሱ ሲከፍሉ ቅድመ ግብር ቀንሰው ደረሰኝ ሰጥተዋል፣ ከዚያ ከፊሉ ዕቃ ተመለሰ። የተቀነሰው ግብር በተመለሰው ልክ ይስተካከላል ወይ ነው ጥያቄው። አንዱ ግብሩ አንዴ ገቢ ከሆነ አይነካም፣ ሻጩ ዓመቱ መጨረሻ ላይ ያቻችለዋል አለ። ሌላው በሚቀጥለው ክፍያ ላይ ማስላት አለበት ባይ ነው። ብዙ ተከራከሩ፣ አልተግባቡም። የሱ ጉዳይ ከእኛ ስለሚለይ እኔ አልገባሁበትም።

ቁጥር 24። ክሬዲት ኖቱ ጥር 9 ቀን ወጣ። መጋዘኑ 18ቱን አግኝቷቸዋል። አሮጌ የቀለም ባልዲዎች ጀርባ ነበሩ፣ እኛ በላስቲክ እንዳሰርናቸው። የህዳሩ መጋዘን ኃላፊ ሥራ ለቆ ለተተኪው አላስረከበውም ነበር። ወረቀቱ ላይ የጥቅምት 12 ደረሰኝ ቁጥር አለ፣ የኛና የነሱ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አለ፣ 34,200 እና 5,130 ተለያይተው ተጽፈዋል። የመመለሻው ምክንያት ብልሽት ይላል።

ቀኑ የጥር ስለሆነ 5,130 ብሩን ከጥር የግዢ ቫታችን ላይ እቀንሳለሁ፤ የጥቅምቱን ማስታወቂያ አልነካውም። አዲስ መግለጫም ጠይቄ ተላከልኝ፣ ቀሪው 44,190 ብር ይላል። ወንድሜ በማግስቱ ከፈለ፣ ማስተላለፊያው ላይም የሁለቱንም ደረሰኞች ቁጥር ጻፍን።

አንድ ነገር ቀርቷል። ብልሹዎቹን ከሱቅ እስከ መኪናው ለማድረስ 600 ብር የጋሪና የጫኝ ከፍለን ነበር። እሱን እንዲከፍሉን ወንድሜ ጠየቀ። እነሱ በራሳቸው መኪና ስለወሰዱ ወጪው እንደማይመለከታቸው መለሱ። ወንድሜ አልተዋጠለትም፣ በሚቀጥለው ትዕዛዝ ላይ አነሳዋለሁ ብሏል።

ቁጥር 25። የአዳማው ነጋዴ ነው። ባለፈው ነሐሴ የመለሰው አምፖል ደረሰኙ ተሰርዞ አዲስ እንደተቆረጠለት፣ የድሮውን ግን በነሐሴ ቫት እንዳስገባው አሁን አይቶ፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠይቋል። ቁጥር 5 የሁለቱንም ደረሰኝ ፎቶ እንዲለጥፍ ነግራዋለች። እስካሁን አልለጠፈም።